የቴትራሄድሮንን ይዘት ከአራት ጥጎቹ ኮኦርዲኔት ማውጣት፦ ከወረቀት እስከ አሸዋ ክምር

ቴትራሄድሮን አራት ጥግ፣ ስድስት ጠርዝና አራት ባለ ሦስት ማዕዘን ፊት ያለው ጠጣር ቅርጽ ነው። በአጭሩ መሠረቱ ሦስት ማዕዘን የሆነ ፒራሚድ ማለት ነው። ይዘቱን (ቮልዩሙን) ለማግኘት ትምህርት ቤት የተማርነው ዘዴ የመሠረቱን ስፋት በከፍታው አባዝቶ ለሦስት ማካፈል ነው። ዘዴው ትክክል ነው። ግን እጃችሁ ላይ ያለው የአራት ጥጎች ኮኦርዲኔት ብቻ ከሆነ ከፍታውን ከየት ታመጡታላችሁ? መጀመሪያ የመሠረቱን ጠለል እኩልታ መጻፍ፣ ቀጥሎ ከአራተኛው ጥግ እስከዚያ ጠለል ያለውን ርቀት ማስላት፣ ከዚያ የመሠረቱን ስፋት ለብቻ ማውጣት ሊኖርባችሁ ነው። በመሃል ሁለት ካሬ ሥር ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁለቱ ካሬ ሥሮች ይጣፋሉ። በከንቱ መልፋት ነው።

አጭሩ መንገድ ስኬለር ትሪፕል ፕሮዳክት ነው። ሥራው ሁሉ መቀነስ፣ ማባዛትና መጨረሻ ላይ ለ6 ማካፈል ብቻ ነው። ካሬ ሥር የለም፣ አንግል የለም፣ ሥዕል መሳል እንኳን አያስፈልግም። ቀመሩ ይኸው፦

```
V = | AB · (AC × AD) | / 6
```

A፣ B፣ C እና D አራቱ ጥጎች ናቸው። AB ሲባል ከA ተነስቶ B የሚደርሰው ቬክተር ነው። ነጥቧ ዶት ፕሮዳክት፣ መስቀሏ ክሮስ ፕሮዳክት፣ ዳርና ዳር የቆሙት ሁለት ዘንጎች ደግሞ ፍጹም ዋጋ ናቸው። አሁን በቁጥር እንሥራው። ቁጥሮቹን ሆን ብዬ ትንንሽ አድርጌአቸዋለሁ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አብራችሁኝ ሥሩ፦

```
A(1, 2, 0)   B(4, 3, 1)   C(2, 6, 2)   D(3, 3, 5)
```

አንደኛ፦ መነሻ ጥግ ምረጡና ከሌሎቹ ላይ ቀንሱት

ከአራቱ ጥጎች የትኛውንም መነሻ ማድረግ ይቻላል፤ ውጤቱ አይለወጥም። እኔ Aን መርጫለሁ። ቀሪዎቹን ሦስት ጥጎች አንድ በአንድ እየወሰዳችሁ የAን ኮኦርዲኔት ቀንሱባቸው፦

```
AB = (4-1, 3-2, 1-0) = (3, 1, 1)
AC = (2-1, 6-2, 2-0) = (1, 4, 2)
AD = (3-1, 3-2, 5-0) = (2, 1, 5)
```

ቀላል ይመስላል አይደል? ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው። ስህተቱ የቁጥር ሳይሆን የመነሻ ነው፦ AB ብሎ ይጀምርና ቀጥሎ BC፣ ከዚያ CD እያለ ጠርዙን ይከተላል። የሚገርመው እንዲህ በሰንሰለት ብትሄዱም መልሱ በአጋጣሚ ልክ ይመጣል፤ ምክንያቱም BC ማለት ACን ወስዶ ABን መቀነስ ነው፣ አንዱን ረድፍ ከሌላው ላይ መቀነስ ደግሞ ዲተርሚናንቱን አይለውጠውም። ጉድ የሚፈላው AB፣ BC እና CA የወሰዳችሁ ቀን ነው። እነዚህ ሦስቱ የአንድ ፊት ጠርዞች ናቸው፣ D የለበትም፣ መልሱም ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ስለዚህ ምርጫ ውስጥ አትግቡ፦ ሦስቱም ቬክተሮች ከአንድ ጥግ ይነሱ። አለቀ።

የኔጌቲቭ ቁጥርንም ነገር እዚሁ ላንሳ። የመነሻው ጥግ ኮኦርዲኔት ኔጌቲቭ ከሆነ መቀነሱ መደመር ይሆናል። A ላይ -2 ቢኖርና B ላይ 3 ቢኖር ልዩነቱ 5 እንጂ 1 አይደለም። ልጆች ፈተና ላይ ነጥብ ከሚጥሉባቸው ቦታዎች ዋናው ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፦ ክሮስ ፕሮዳክቱን ሥሩ

ከሦስቱ ቬክተሮች ሁለቱን ውሰዱ። እኔ AC እና ADን ይዣለሁ። ክሮስ ፕሮዳክት ሁለት ቬክተር ተቀብሎ ሦስተኛ ቬክተር ይሰጣል፤ አዲሱ ቬክተር ለሁለቱም ቀጤ ነክ ነው፣ ርዝመቱ ደግሞ ሁለቱ ቬክተሮች ከሚሠሩት ፓራለሎግራም ስፋት ጋር እኩል ነው። ይህን የርዝመት ነገር ያዙት፣ በኋላ 6 ከየት እንደመጣች ስንነጋገር እንፈልገዋለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለቱን ቬክተሮች አንዱን ከአንዱ በታች ጻፉ። የመጀመሪያውን ቁጥር ለማግኘት የመጀመሪያውን ዓምድ በእጃችሁ ሸፍኑ፤ የቀሩትን አራት ቁጥሮች በሰያፍ አባዙና ቀንሱ። ለሁለተኛው ቁጥር ሁለተኛውን ዓምድ፣ ለሦስተኛው ሦስተኛውን ሸፍኑ። መሃለኛው ላይ ብቻ ምልክቱን ገልብጡት።

```
AC = (1, 4, 2)
AD = (2, 1, 5)

አንደኛ:    4×5 - 2×1   =  18
ሁለተኛ:  -(1×5 - 2×2)  =  -1
ሦስተኛ:    1×1 - 4×2   =  -7

AC × AD = (18, -1, -7)
```

ያቺን የመሃል ማይነስ የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ደስ የሚለው ግን መርሳታችሁን ወዲያው የሚነግራችሁ ፈተና አለ። የተገኘው ቬክተር ለAC እና ለAD ቀጤ ነክ መሆን አለበት ብለናል፤ ስለዚህ ከሁለቱም ጋር ያለው ዶት ፕሮዳክት ዜሮ መሆን አለበት፦

```
18×1 + (-1)×4 + (-7)×2 = 18 - 4 - 14 = 0
18×2 + (-1)×1 + (-7)×5 = 36 - 1 - 35 = 0
```

ሁለቱም ዜሮ ሆኑ። ማይነሷን ረስታችሁ (18, 1, -7) ብትጽፉ ኖሮ የመጀመሪያው 8፣ ሁለተኛው 2 ይሆን ነበር። ፈተናው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፣ እኔ እንደ ሥራው አካል ነው የምቆጥረው። አንዱን ብቻ ፈትሾ ማለፍ ግን አይበቃም፤ አንዳንድ ስህተት በአንዱ አልፎ በሌላው ይያዛል።

ሦስተኛ፦ በቀረው ቬክተር ዶት አድርጉት

የቀረው AB ነው። ተጓዳኝ ቁጥሮችን አባዙና ደምሩ፦

```
AB · (AC × AD) = 3×18 + 1×(-1) + 1×(-7) = 54 - 1 - 7 = 46
```

ይህች 46 ናት ስኬለር ትሪፕል ፕሮዳክቱ። ዲተርሚናንት የለመዳችሁ ከሆነ AB፣ AC እና ADን እንደ ሦስት ረድፍ ደርድራችሁ የ3×3ቱን ዲተርሚናንት ብታወጡ ያው 46 ይመጣል። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የሚለየው አጻጻፉ ነው። እኔ በእጅ ስሠራ ክሮስ ፕሮዳክቱን የምመርጠው ያቺን የዜሮ ፈተና መሃል ላይ ስለምትሰጠኝ ነው፣ ዲተርሚናንቱን በአንድ ትንፋሽ ብትዘረግፉት ግን የምትፈትሹበት ማረፊያ የላችሁም።

አራተኛ፦ ምልክቱን ጣሉና ለ6 አካፍሉ

```
V = 46 / 6 = 23/3 ≈ 7.67
```

ኮኦርዲኔቱ በሜትር ከሆነ መልሱ 7.67 ሜትር ኩብ ነው። በሴንቲ ሜትር ከሆነ ሴንቲ ሜትር ኩብ። አንዱ አክሲስ በሜትር ሌላው በሴንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ መልሱ ምንም አይደለም። ይሄ ቀልድ አይምሰላችሁ፤ አግድሙን በሜትር፣ ከፍታውን በሌላ መለኪያ የሚያወጣ ፋይል ያጋጥማል። ከመጀመራችሁ በፊት ሦስቱንም አንድ አድርጉ።

መልሱን ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሌላ ጥግ መነሻ አድርጋችሁ ድገሙት። ከD እንነሳ፦

```
DA = (-2, -1, -5)   DB = (1, 0, -4)   DC = (-1, 3, -3)

DB × DC = (12, 7, 3)
DA · (DB × DC) = -24 - 7 - 15 = -46
```

መጠኑ ያው 46 ነው፣ ምልክቱ ግን ተገለበጠ። አትደንግጡ። ምልክቱ የሚናገረው ስለ ይዘት ሳይሆን ስለ ቅደም ተከተል ነው፦ ሦስቱን ቬክተሮች በጻፋችሁበት ተራ የቀኝ እጅ ሕግን ከተከተሉ ፖዘቲቭ፣ ካልተከተሉ ኔጌቲቭ። ሁለቱን ቬክተሮች ቦታ ብታቀያይሩም እንዲሁ ይገለበጣል። አንድ ቴትራሄድሮን ብቻ የምትለኩ ከሆነ ፍጹም ዋጋውን ወስዳችሁ እለፉ።

6 ከየት መጣች?

ሦስቱን ቬክተሮች ከአንድ ጥግ እንዲነሱ አድርጋችሁ በየአቅጣጫቸው ትይዩ ጠርዞችን ብትሞሉ ስድስት ፊት ያለው ዘንበል ያለ ሣጥን ይወጣል። ባዶ የክብሪት ቀፎ ከአንድ ወገን ገፋ ብታደርጉት የሚይዘው ቅርጽ ማለት ነው። የዚህ ሣጥን ይዘት የመሠረቱ ስፋት ሲባዛ በከፍታው ነው። የመሠረቱ ስፋት የክሮስ ፕሮዳክቱ ርዝመት ነው ብለናል። ዶት ፕሮዳክቱ ደግሞ ABን በዚያ ቀጤ ነክ አቅጣጫ ላይ ጥሎ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይለካል፣ ይኸውም ከፍታው ነው። ሁለቱ ተባዝተው የመጡት እንግዲህ ያቺ 46 ናት፦ የሣጥኑ ይዘት።

ቴትራሄድሮኑ ከሣጥኑ በሁለት ነገር ያንሳል። አንደኛ፣ መሠረቱ ፓራለሎግራም ሳይሆን ግማሹ ነው፣ ሦስት ማዕዘን። ሁለተኛ፣ ወደ ላይ ሲሄድ እየጠበበ አንድ ነጥብ ላይ ስለሚያልቅ ያንኑ መሠረትና ከፍታ ካለው ፕሪዝም አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይይዛል። ግማሽ ሲባዛ በአንድ ሦስተኛ አንድ ስድስተኛ። በእኛ ምሳሌ ብታዩት የክሮስ ፕሮዳክቱ ርዝመት የ374 ካሬ ሥር ነው፣ ወደ 19.34። መሠረቱ ግማሹ፣ 9.67። ከፍታው 46 ሲካፈል ለ19.34፣ ወደ 2.38። በትምህርት ቤቱ ዘዴ 9.67 በ2.38 አባዝታችሁ ለ3 ብታካፍሉ እንደገና 7.67 ላይ ትደርሳላችሁ።

በነገራችን ላይ ውጤቱ ከቬክተር ይበልጣል በዕድሜ። ላግራንዥ ስለ ባለ ሦስት ማዕዘን ፒራሚድ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1773 ነው፤ ዛሬ የምንጽፋቸው የዶትና የክሮስ ምልክቶች የተለመዱት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ሰውየው ያንን ሁሉ በፊደል ዘርዝሮ ነበር የሚጽፈው።

ዜሮ ሲመጣ

ትሪፕል ፕሮዳክቱ ዜሮ ከሆነ አራቱ ነጥቦች አንድ ጠለል ላይ ናቸው፣ ቴትራሄድሮን የለም። ምሳሌ፦ ከላይ ያለውን D ትታችሁ (5, 7, 3)ን ብትወስዱ AD (4, 5, 3) ይሆናል፣ እሱም የAB እና የAC ድምር ነው። ቀጥተኛ ዜሮ ታገኛላችሁ።

ከሜዳ በመጣ ልኬት ግን ንጹሕ ዜሮ አይመጣም። 0.004 ወይም 0.3 ይመጣና «ይህ ዜሮ ነው ወይስ ትንሽ ቴትራሄድሮን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ቁጥሩን ለብቻው እያዩ መፍረድ አይቻልም፣ ምክንያቱም ሜትሩን ወደ ሚሊ ሜትር ብትለውጡት በቢሊዮን እጥፍ ያድጋል። ትሪፕል ፕሮዳክቱን ለሦስቱ ቬክተሮች ርዝመት ብዜት አካፍሉት። በመጀመሪያው ምሳሌያችን 46 ለ83.25 ሲካፈል 0.55 ይሆናል፤ ይህ ቁጥር ሁልጊዜ ከ0 እስከ 1 ነው፣ መለኪያውም አይነካውም። ወደ 1 ሲጠጋ ሦስቱ ጠርዞች እርስ በርሳቸው ወደ ቀጤ ነክነት ተጠግተዋል፣ ወደ 0 ሲጠጋ ቅርጹ ተጨፍልቋል። 0.001 አካባቢ የሆነ ቅርጽ ይዘት ላይ ብር የሚከፈል ሒሳብ አትሥሩ፤ የልኬቱ ስህተት ከይዘቱ ጋር ሊተካከል ይችላል።

በኮምፒውተር ስትሠሩት

ኤክሴል ለዚህ የተዘጋጀ ፈንክሽን አለው። አራቱን ጥጎች ከ`A2` እስከ `C5` ጻፏቸው፣ መነሻው ጥግ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይሁን። `E2` ላይ ይህን ጻፉና ወደ ቀኝ እስከ `G2`፣ ወደ ታች እስከ `G4` ጎትቱት፦

```
=A3-A$2
```

ቀጥሎ ባዶ ሴል ላይ፦

```
=ABS(MDETERM(E2:G4))/6
```

የብር ምልክቷን ከረሳችሁ መነሻው ከረድፍ ወደ ረድፍ ይንሸራተታል። ቅድም ያልኩት ሰንሰለት ይሆናል ማለት ነው፣ መልሱ ልክ ይመጣል፣ ስህተቱም ሳይታወቅ ይቀራል። ያንኑ ሠንጠረዥ ሌላ ሰው ረድፍ ጨምሮበት ሲጠቀም ነው የሚፈነዳው።

ፓይተን ለምትጽፉ ይቺ ትበቃለች፦

```python
import numpy as np

def hajm(a, b, c, d):
    a, b, c, d = (np.array(p, dtype=float) for p in (a, b, c, d))
    return np.dot(b - a, np.cross(c - a, d - a)) / 6
```

ምልክቱን እንዳለ ትመልሳለች፣ ካልፈለጋችሁት `abs` ጨምሩበት። የጻፋችሁትን ነገር መሥራቱን ለመፈተን (0,0,0)፣ (1,0,1)፣ (1,1,0) እና (0,1,1)ን በዚሁ ተራ ስጡት። ይህ ጠርዞቹ ሁሉ እኩል የሆኑ ቴትራሄድሮን ነው፣ ጎኑ 1 ከሆነ ኩብ ውስጥ የተቀረጸ፤ ይዘቱ በትክክል የኩቡ አንድ ሦስተኛ ነው። 0.3333 ካልመጣ አንድ ቦታ ተበላሽቷል። 2 ከመጣ ደግሞ ለ6 ማካፈሉን ረስታችኋል።

ሜዳ ላይ፦ የአሸዋ ክምር

አሁን ወደ እውነተኛው ነገር እንምጣ። ግንባታ ቦታ ላይ አሸዋ ተከምሯል፣ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋላችሁ። ቶታል ስቴሽን ያለው ሰርቬየር የክምሩን ግርጌ ሦስት ነጥቦችና ጫፉን ለካላችሁ እንበል። አዲስ አበባ ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ኮኦርዲኔት ሥርዓት በዞን 37 ሰሜን ውስጥ ስለሆነች ቁጥሮቹ ይህን ይመስላሉ (ለምሳሌ ያህል የሠራኋቸው ናቸው)፦

```
P1  473210.40   997118.20   2355.10
P2  473222.40   997121.20   2355.10
P3  473214.40   997128.20   2354.60
T   473216.40   997122.20   2359.10
```

የመጀመሪያው ዓምድ ምሥራቅ፣ ሁለተኛው ሰሜን፣ ሦስተኛው ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ነው። T ጫፉ ነው። P1ን መነሻ አድርገን ስንቀንስ ያ ሁሉ ግዙፍ ቁጥር ይረግፋል፦

```
P1P2 = (12, 3, 0)
P1P3 = (4, 10, -0.5)
P1T  = (6, 4, 4)

12×(10×4 + 0.5×4) - 3×(4×4 + 0.5×6) + 0 = 504 - 57 = 447

V = 447 / 6 = 74.5 ሜትር ኩብ
```

እዚህ ላይ መቀነሱን ዘልሎ ጥሬውን ቁጥር ወደ 4×4 ዲተርሚናንት ማስገባት የሚያምራቸው አሉ። ቀመሩ በሒሳብ ደረጃ ልክ ነው፣ መጻሕፍት ላይም አለ። ኮምፒውተር ላይ ግን ይጎዳል። የሦስቱ ጥሬ ቁጥሮች ብዜት ወደ 1,100,000,000,000,000 ይጠጋል፤ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ 447ን ነው። እንዲህ ዓይነት ግዙፍ ቁጥሮች እርስ በርስ ተጣፍተው ነው ያቺ ትንሿ የምትተርፈው። ድርብ ፕሪሲዥን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቁጥሩን በ64 ቢት ሲይዝ፣ እዚያ መጠን ላይ የሚራመደው በ0.125 ነው፣ ስለዚህ መልሱ በየቃሉ ትንሽ ትንሽ ይሸራረፋል። ነጠላ ፕሪሲዥን፣ ማለትም 32 ቢት፣ ከሆነ ግን እርምጃው ከ67 ሚሊዮን በላይ ነው፣ የሚወጣው ቁጥር ከክምሩ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ነጠላ ፕሪሲዥን ሰሜኑን ራሱን 997118.20 ብሎ መያዝ አይችልም፣ እዚያ አካባቢ ስድስት ሴንቲ ሜትር በስድስት ሴንቲ ሜትር ነው የሚዘለው። ፋይሉ በነጠላ ፕሪሲዥን ከመቀመጡ በፊት መነሻውን ቀንሱ።

ሌላው ነገር 74.5ን እንደ ወንጌል አትያዙት። የጫፉ ከፍታ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሳሳት ይዘቱ ስንት ይሳሳታል? ግርጌው ከላይ ወደ ታች ሲታይ 54 ሜትር ካሬ ነው፤ 54 በ0.02 አባዙና ለ3 አካፍሉ፣ 0.36 ሜትር ኩብ። አሸዋ ጫፍ ላይ የልኬት ዘንግ ስታቆሙ 2 ሴንቲ ሜትር መስመጡ ደግሞ ምንም አይገርምም። ስለዚህ «74.500» ብሎ መጻፍ ራስን ማታለል ነው።

ግርጌው አራት ጥግ ሲኖረው

ብዙ ጊዜ ክምር በሦስት ነጥብ አይገለጽም። አራተኛ የግርጌ ነጥብ እንጨምር፣ ከP1 ሲቆጠር (15, 12, -0.2) ላይ ያለ፣ P4 እንበለው። ቅርጹ አሁን አምስት ጥግ አለው። ስለዚህ ግርጌውን በሰያፍ ለሁለት ከፍለን ሁለት ቴትራሄድሮን እናደርገዋለን፣ ሁለቱም ጫፋቸው T ነው። ግን በየትኛው ሰያፍ?

ከP2 ወደ P3 ብትቆርጡት አንዱ ቁራጭ ያው 74.5 ነው፣ ሌላው 65.62፣ ድምሩ 140.12 ሜትር ኩብ። ከP1 ወደ P4 ብትቆርጡት ደግሞ 67 እና 68.47፣ ድምሩ 135.47። ሒሳቡ ሁለቱም ጋ ልክ ነው። ልዩነቱ 4.65 ሜትር ኩብ ነው፣ አሸዋ ለሚሸጥና ለሚገዛ ሰው የሚያጣላ መጠን።

ልዩነቱ ከየት መጣ? የግርጌው አራት ነጥቦች አንድ ጠለል ላይ አይደሉም። ራሳቸውን ችለው አንድ ቀጭን ቴትራሄድሮን ይሠራሉ። የእነሱን ትሪፕል ፕሮዳክት አውጡት፦

```
P1P2 = (12, 3, 0)
P1P4 = (15, 12, -0.2)
P1P3 = (4, 10, -0.5)

12×(-6 + 2) - 3×(-7.5 + 0.8) + 0 = -48 + 20.1 = -27.9

27.9 / 6 = 4.65 ሜትር ኩብ
```

ያው ራሱ 4.65። አንዱ ሰያፍ መሬቱ በዚያ መስመር ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ይገምታል፣ ሌላው በሌላኛው፤ በሁለቱ ግምቶች መካከል ያለው አየር ወይም አፈር ያቺ ቀጭን ቴትራሄድሮን ናት። ስለዚህ ክምሩን ከማስላታችሁ በፊት የግርጌውን አራት ነጥቦች ለብቻ አስሉ። የመጣው ቁጥር ከምትታገሡት ስህተት ካነሰ በፈለጋችሁት ሰያፍ ቁረጡ። ከበለጠ ግን የትኛው ሰያፍ ልክ እንደሆነ ሒሳቡ አይነግራችሁም፣ መሬቱ ነው የሚያውቀው።

መፍትሔው አሸዋው ከመውረዱ በፊት ሁለቱ ሰያፎች በሚቋረጡበት ቦታ አንድ የመሬት ነጥብ ማስለካት ነው። ያ ነጥብ ካለ ግርጌው በአራት ሦስት ማዕዘኖች ይከፈላል፣ አራት ቴትራሄድሮን ትደምራላችሁ፣ የሰያፍ ምርጫ የሚባል ነገር አይኖርም። አሸዋው ቀድሞ ወርዶ ከሆነ ዙሪያውን ተጨማሪ ነጥቦች ውሰዱና የመሬቱን ተዳፋት ከእነሱ ገምቱ፣ ወይም ሁለቱንም ድምሮች ጽፋችሁ ከ135.5 እስከ 140.1 ብላችሁ አስረክቡ።

ስትደምሩ ስለ ምልክት አንድ ነገር። እያንዳንዱን ቁራጭ በፍጹም ዋጋ መደመር የሚሠራው T ከሁሉም የግርጌ ሦስት ማዕዘኖች በላይ ሲሆን ነው። ቅርጹ የተጎደጎደ ከሆነ ወይም መነሻ ነጥባችሁ ከቅርጹ ውጭ ካረፈ አንዳንዱ ቴትራሄድሮን መቀነስ አለበት። ያኔ ፍጹም ዋጋውን ተዉት፣ የእያንዳንዱን ፊት ጥጎች ከውጭ ሲታዩ በአንድ አቅጣጫ፣ ለምሳሌ ከሰዓት ዘወር በተቃራኒ ጻፏቸው፣ ከምልክታቸው ጋር ደምሩ፣ መጨረሻ ላይ ለ6 አካፍሉ። ሁለት ፊቶች የሚጋሩት ጠርዝ በአንዱ ከP1 ወደ P2፣ በሌላው ከP2 ወደ P1 መጻፉን አረጋግጡ። በሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ከተጻፈ አንዱ ፊት ተገልብጧል፣ ድምሩም ያንን ቁራጭ በመደመር ፈንታ ቀንሶታል።